እህቴ እናታችንን ታያታለች፣ ድምፅ ግን የለም፤ ማታ ደግሞ ምስሉም ይቆማል (የመሐል ሜዳው ስልክ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መልሱ ብዙ ሆነ፤ መሀል ላይም ወሬው ወደ ሌላ ሄዶ ተመለሰ። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር ከጥያቄዬ ጀምሬ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እጽፋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናት፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ቅዳሜና እሁድ ማታ በቪዲዮ ይነጋገራሉ። ከጥምቀት ወዲህ ግን እህቴ የእናታችንን ፊት ታያለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ድምፅ አይሰማትም። እናቴ የእሷን ድምፅ በደንብ ትሰማለች። ስትጮህ ቆይታ፣ ልጄ አልሰማ አለችኝ ብላ አዝና ትዘጋዋለች። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ምስሉም ቀጥ ብሎ ይቀራል። ኔትወርክ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ትልቅ ፓኬጅ ገዛሁላት፤ ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ እዚህ የጠየቅኩት የትኛው ፓኬጅ ይሻላል ብዬ ነበር።

መልስ 1። ከደብረ ሲና የሚጽፍ ሰው ነው። እናትህን በጤና ያቆይልህ ብሎ ከመረቀ በኋላ ፓኬጁን ትቶ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ድምፁ የጠፋው በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ቀድሞ የሚጠፋው ድምፁ ነው ወይስ ምስሉ? በተራ ጥሪ፣ ስልኩ ጆሮ ላይ ተደርጎ ሲወራ፣ የእናትህ ድምፅ ይሰማል ወይ? የመጨረሻውን ወዲያው መለስኩለት። በተራ ጥሪ እንከን የለውም፤ በየቀኑ እንነጋገራለን።

መልስ 2። ይህ ሰው እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚኖር ነው፤ እርግጠኛ ሆኖ ነው የጻፈው። እናቴ ቤት ዩቲዩብ ይከፍት እንደሆነ ጠየቀኝ። የአክስቴ ልጅ እዚያው ዩቲዩብ እንደሚያይ ነገርኩት። እንግዲያው ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የአፑ ነው፣ አጥፍተህ እንደገና ጫነው አለኝ። አምኜው ነበር። ከሩቅ ሆኜ በጎረቤት ስልክ እየመራሁት የአክስቴ ልጅ አፑን አጥፍቶ ጫነው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ምንም አልተለወጠም። ይባስ ብሎ የድሮ መልእክቶች ጠፉ፤ ከእነሱ ውስጥ እህቴ የላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች ነበሩ፣ እናቴ ደጋግማ የምታዳምጣቸው። አፕ ከማጥፋታችሁ በፊት መልእክቱ ሌላ ቦታ መቀመጡን እዩ፤ ይህን እኔ ሳላይ አደረግኩት።

መልስ 3። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከዚህ በኋላ ክሩን የያዘው እሱ ነው። ዝም ብሎ አላለፈም፣ ከመልስ 2 ጀመረ። ዩቲዩብ መክፈቱ ለቪዲዮ ጥሪ ማስረጃ አይሆንም አለ። ዩቲዩብ ገና የሚታየውን ክፍል አስቀድሞ እያወረደ ያከማቻል፤ ኔትወርኩ ለአሥር ሰከንድ ቢቆም ተመልካቹ አያውቅም። ጥሪ ግን የሚያከማቸው የለውም፤ ቃሉ የሚነገረው አሁን ነው፣ ዘግይቶ የደረሰ የድምፅ ቁራጭ ይጣላል። በዚያ ላይ ዩቲዩብ የሚፈልገው መቀበል ብቻ ነው፤ ጥሪው መላክም ይፈልጋል፣ የእናትህ ፊት ወደ ቤይሩት የሚሄደው በመላኩ በኩል ነው አለኝ።

ቀጥሎ እስካሁን የያዝኩትን ነገር ነገረኝ። ድምፅ በሰከንድ ጥቂት አሥር ኪሎቢት ይበቃዋል፤ ምስል በመቶዎች፣ ጠርቶ እንዲታይ ከተፈለገም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲደክም አፑ መጀመሪያ ምስሉን ያደበዝዛል፣ ቀጥሎ ያቆመዋል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይዞ ለማቆየት ይጥራል። ምስል ቆሞ ድምፅ ከቀጠለ ኔትወርኩን ጠርጥር። ምስሉ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ብቻ ከጠፋ ግን ኔትወርኩን ተወው፤ ትልቁን ጭነት ያሳለፈ መንገድ ትንሹን አይከለክልም፣ ስልኩን ወይም የአፑን ፈቃድ ተመልከት። የእናትህ ስልክ ሁለቱንም እያሳየ ነው፤ ያለህ አንድ በሽታ ሳይሆን ሁለት ነው፣ ለየብቻ ያዛቸው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ሳምንት የለፋሁት ሁለቱን አንድ አድርጌ ስለቆጠርኩ ነው።

መልስ 4። ከሸዋ ሮቢት ነው። ስልክ ሲግል ካሜራው ይቆማል፣ ቆላ ላይ በቀን በቪዲዮ መነጋገር አይቻልም፣ የእናትህም ስልክ ግሎ ነው አለ። እሱ የራሱን ስልክ ጥላ ውስጥ አስቀምጦ፣ ቻርጅ ነቅሎ ነው የሚደውለው።

መልስ 5። ቁጡ ነበር። ከመንዝ የተወለደ መሆኑን ጠቅሶ፣ በጥርና በየካቲት ማታ ባና ተደርቦ የሚተኛበት አገር ስልክ ጋለ ማለት አገሩን አለማወቅ ነው አለ። የሸዋ ሮቢቱ ሰውዬ መለሰለት፣ ይኼኛውም ደገመ። ጠጋኙ መሀል ገብቶ፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ሆኖ ካሜራው ረጅም ጊዜ ከሠራ በብርድ አገርም ሊግል ይችላል፣ ነገር ግን ሙቀት ድምፅን ብቻ ለይቶ አያጠፋም አለ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መልስ 6። አንዲት እናት ናቸው፣ ከአንኮበር። ልጃቸው ዱባይ ናት። ትደውላለች፣ ይጠራል፣ ያነሳሉ፣ ከዚያ ዝም ነው፤ ድምፅም ምስልም የለም። የእኔ እናት ችግር የእሳቸው መስሏቸው፣ መልስ 3ን አንብበው ስልካቸውን ሊያሠሩ ደብረ ብርሃን ሊመጡ ተነስተው ነበር።

መልስ 7። ዱባይ ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፣ እትዬ እንዳይደክሙ ብላ ፈጥና መለሰችላቸው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ፈቃድ ያልተሰጣቸው አፖች መልእክት ያሳልፋሉ፣ ጥሪያቸው ግን ይታገዳል። ዋትስአፕ ላይ ጽሑፉና የድምፅ መልእክቱ ይሄዳል፣ ጥሪው አይሄድም። ልጃቸው እዚያ የተፈቀደ አፕ፣ ለምሳሌ ቦቲም፣ በሁለቱም ስልክ ላይ እንድትጭን አለቻቸው። እትዬ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው ከልጃቸው ጋር መነጋገራቸውን ነገሩን፤ ምርቃታቸውም ረጅም ነበር። የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ግን ደስ ብሎኛል። ልዩነቱም ይታይ፤ የእሳቸው ጥሪ ከመጀመሪያው ሰከንድ፣ በሁለቱም ወገን፣ በማንኛውም ሰዓት ነው ዝም የሚለው። እንዲህ ያለውን ስልክ ጠጋኝም ፓኬጅም አያድነውም።

መልስ 8። ይህን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው፣ የገጠር አሮጊት ስልክ መያዝ ስለማትችል ጣቷ ማይኩን መዝጊያ ላይ አርፎ ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ አለ። እናቴ ስልክ መያዝ ትችላለች፤ ካርድ ትሞላለች፣ ከእህቴ የተላከላትን ብር ሒሳቧን ራሷ ታያለች። ተናድጄ መለስኩለት፤ የጻፍኩት አሁንም እዚያው አለ፣ አላጠፋሁትም።

መልስ 9። ጠጋኙ ሁለታችንንም አረጋጋን። ሰውየው አነጋገሩ ነውር ነው፣ ነገሩ ግን መታየት አለበት አለ፤ የማይኩ ምልክት ላይ ሰያፍ መስመር ካለ ማይኩ ተዘግቷል ማለት ነው፣ እሱ ሱቅ ከሚመጡት ውስጥ የተማሩ ሰዎችም በዚህ ይሸወዳሉ። ብሉቱዝም አብሮ ይታይ አለ፤ ስልኩ ከሌላ ሰው ማዳመጫ ጋር ተያይዞ ከቀረ ድምፁን ወደዚያ ይወስደዋል። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም አየ። ማይኩ ክፍት ነው፣ ብሉቱዙ ጠፍቷል።

መልስ 10። ከደብረ ሲና የመጀመሪያው ሰው ተመለሰ፤ በዚያው አፕ የድምፅ መልእክት ቅዱና አዳምጡት አለ። ቀዳን። የእናቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። መልስ 2 ወዲያው ብቅ ብሎ፣ አላልኳችሁም፣ ማይኩ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የአፑ ነው አለ። ብዙ ሰውም ተስማማ። እኔም ሌላ አፕ ልጭን ተዘጋጅቼ ነበር።

መልስ 11። ጠጋኙ በዚህ መልስ ነው ነገሩን የፈታው። የድምፅ መልእክቱ አንድ ነገር አረጋግጧል አለ፤ አፑ ማይክ የመጠቀም ፈቃድ አለው፣ ፈቃዱ ቢጠፋ ያ መልእክት አይቀዳም ነበር። ያላረጋገጠው ግን አለ። አብዛኛው ዘመናዊ ስልክ ማይኩ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ታች፣ የቻርጅ መሰኪያው አጠገብ ነው፤ በተራ ጥሪና በድምፅ መልእክት የሚሠራው እሱ ነው። ሌላው ላይ፣ በስልኩ ጫፍ ወይም በካሜራው አጠገብ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ናት። በቪዲዮ ጥሪ ስልኩ ከአፍ ስለሚርቅ፣ ድምፅም በስፒከር ስለሚወጣ፣ ብዙ ስልኮች የላይኛዋን ይጠቀማሉ። ስለዚህ በጆሮ ጥሪ የሚሰማ፣ በድምፅ መልእክት የሚሰማ፣ በቪዲዮ ጥሪ ብቻ የማይሰማ ሰው ካለ የላይኛዋን ቀዳዳ እዩ አለን። መፈተኛውም ሌላ ነው፤ የስልኩን የራሱን ካሜራ ክፈቱ፣ በፊት ካሜራ አሥር ሰከንድ እየተናገራችሁ ቪዲዮ ቅዱ፣ ከዚያ አዳምጡ። እዚህ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ የጥሪ አፕ የለም፤ ድምፁ ከጠፋ ስልኩ ነው።

የአክስቴ ልጅ ቀዳ። የእናቴ ድምፅ ጋን ውስጥ ሆና እንደምትናገር ነበር፤ አለ፣ ግን የታፈነ ነው።

መልስ 12። የኔ ነው። ውጤቱን ጽፌ፣ ስልኩን ደብረ ብርሃን አምጥቼ ማይኩን ላስቀይር ነው አልኩ።

መልስ 13። ጠጋኙ ከመምጣትህ በፊት ከቨሩን አውልቃችሁ እንደገና ቅዱ አለኝ። ያኔ ነው ያስታወስኩት፤ ለጥምቀት መሐል ሜዳ ሄጄ፣ ስልኳ ወድቆ እንዳይሰበር ብዬ ገበያ ላይ ወፍራም የጎማ ከቨር የገዛሁላት እኔ ነኝ። የሞዴሏ አልነበረም፣ ልኩ ግን ገጠመ። ከታች ለቻርጁ ሰፊ ቀዳዳ አለው፤ ከላይ ግን ድፍን ነው። ልጁ ከቨሩን አውልቆ ቀዳ፤ ድምፁ ጥርት አለ። መልሶ አለበሰው፤ ታፈነ። ሦስት ጊዜ አደረገው። እሁድ ዕለት ያለ ከቨር ተደወለ፤ እህቴ የእናታችንን ድምፅ ሰማች። አለቀሱ፤ ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ቪዲዮው ላይ የታፈነ ድምፅ እያለ በጥሪው ላይ ለምን ጭራሽ ጠፋ ብዬ ጠይቄው ነበር። የጥሪ አፖች የአካባቢ ጫጫታ እንዳይሰማ የሚያጣሩበት ሥራ አላቸው፣ የደከመውን ድምፅ ከጫጫታ ቆጥሮ ሊቆርጠው ይችላል አለኝ። ቀዳዳዋ በአቧራ ብትደፈንም ያው ምልክት ትሰጣለች። ነገር ግን መርፌ እንዳትከቱ ብሎ አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ ከውስጥ ያለው ስስ ነገር ይበሳል፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

መልስ 14 እና 15 ስለ ከቨር ዋጋ፣ መልስ 16 ደግሞ ስለ መንዝ በግ ነው። የመልስ 2 ሰው በመልስ 17 ተመልሶ፣ ማይክ ሁለት መሆኑን እንደማያውቅ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀኝ። አከበርኩት።

መልስ 18። ከዚህ በኋላ ሁለተኛው በሽታ ነው የቀረው፤ የማታው መቆም። ከእነዋሪ የሚጽፍ ሰው የእናቴ ስልክ ሁለት ሲም አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱ ቤት በአንዱ ሲም ዳታ ከፍተው እያወሩ በሌላው ተራ ጥሪ ሲገባ ምስሉ ይቆማል፤ ጥሪው ሲያልቅ ይመለሳል። ብዙ ስልኮች በሁለቱ ሲም እኩል መሥራት አይችሉም። የእናቴ ስልክ ያለው አንድ ሲም ስለሆነ የእኛ ምክንያት ይህ አይደለም፤ ግን ምልክቱ ግልጽ ስለሆነ ጻፍኩት።

መልስ 19። ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ አራቱም መስመር ቆሟል፣ እንዴት ኔትወርክ ይሆናል ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ጠጋኙ መስመሮቹ የሚነግሩህ ታወሩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ነው አለኝ፤ ስንት ሰው እንደተሻማበት አይነግሩህም። ማታ 2 ሰዓት ሁሉም ቤቱ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ላፕቶፕ ይዘህ ስትሄድ የእናትህን ዳታ በሆትስፖት ተቀብለህ፣ ጠዋትና ማታ ይህን አስኬድና አወዳድር አለኝ፦

```
ping -n 100 8.8.8.8
```

በቅዳሜው ሄድኩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከመቶው አንድም አልጠፋም፤ መልሱ የሚመለስበት ጊዜም ከ90 እስከ 180 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከመቶው 14 ጠፋ፤ የተመለሰውም አንዱ በ110፣ ሌላው ከ2,000 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። መስመሮቹ ግን በሁለቱም ጊዜ ሙሉ ነበሩ። ጠጋኙ ቁጥሩን አይቶ፣ አማካዩን አትመልከት፣ የጠፋውንና መዋዠቁን ተመልከት አለ። ሁልጊዜ በ300 የሚመለስ መንገድ ለወሬ ይሆናል፤ አንዴ በ100 አንዴ በ2,000 የሚመለስ ግን ምስሉን ያቆመዋል።

መልስ 20። የእህትህ ወገንስ፣ ቤይሩት ኔትወርክ ደህና መሆኑን በምን አወቅህ አለ አንድ ሰው፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ማታ ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ ከእናቴ ጋር ምስሉ እንደቆመ እህቴ ዘግታ ወዲያው ለእኔ ደወለች። ከእኔ ጋር አልቆመም። ስለዚህ የደከመው የመሐል ሜዳው ወገን ነው።

መልስ 21። ዋትስአፕ ለሚጠቀም፣ በሴቲንግ ውስጥ `Use less data for calls` የሚለው ቢበራ ይረዳል አለች አንዲት ልጅ። አበራነው። መልስ 22 ተቃወማት፤ ምስሉን ካደበዘዘው ምን ዋጋ አለው፣ የገዛነው ዳታ ለምን ይቀነስብናል ብሎ። ተከራከሩ፣ ንግግሩም ከረረ። እኔ ያየሁትን ልናገር፤ ማታ ምስሉ ደብዘዝ ይላል፣ የሚቆመው ግን ቀድሞ ከነበረው ያነሰ ጊዜ ነው። ከመቶው የሚጠፋውን 14 ግን ሴቲንግ አይመልሰውም። በመጨረሻ የረዳን ሰዓቱን መቀየር ነው፤ አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው የሚደዋወሉት። እህቴ ያን ሰዓት ከአሠሪዎቿ ለምና አገኘች።

መልስ 23 እና 24 መብራት ሲጠፋ ታወሩ ምን ያህል ይቆያል በሚለው ተከራክረው ሳይስማሙ ቀሩ። አንዱ ሰዓታት ይቆያል ይላል፣ ሌላው በእሱ ቀበሌ ወዲያው ነው የሚጠፋው ይላል።

መልስ 25። የመጨረሻው ነው፣ ያልተፈታውም ይህ ነው። ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ ኔትወርኩ ደህና ባለበት ሰዓት፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የእናቴ ምስል አንዴ ቆመ። ድምፁ ቀጠለ። ጠጋኙ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትህ በራሷ ስልክ ላይ፣ ጥግ ላይ በምትታየው ትንሿ መስኮት የራሷን ፊት ስታይ እሱም ቆሞ ነበር ወይስ ይንቀሳቀስ ነበር? ያ ትንሽ ምስል ከካሜራው በቀጥታ የሚመጣ ነው፣ በኔትወርክ አያልፍም። እሱም ከቆመ ስልኩ ነው የደከመው፤ ምናልባት ግሎ፣ ምናልባት ማከማቻው ሞልቶ። እየተንቀሳቀሰ ከነበረ ግን ኔትወርክ ነው። እናቴ አላየችም፤ የምታየው ልጇን ነው። የሸዋ ሮቢቱ ሰውዬ ሙቀት ነው ብያለሁ ብሎ ተመልሷል፤ ስልኩ ያን ጠዋት ቻርጅ ላይ ስለነበር ልክ ሊሆን ይችላል። የመንዙ ሰውዬ አሁንም አልተቀበለውም። ለሚቀጥለው እሁድ ቻርጁ ተነቅሎ ይደወላል፣ የአክስቴ ልጅም ትንሿን መስኮት እንዲያይ ነግሬዋለሁ። ያየውን እዚሁ እጽፋለሁ።